ከስንት ወደ ስንት?
መነሻው ሲያንስ፣ ዜሮ ሲሆን ወይም ከዜሮ በታች ሲወርድ መቶኛ ለምን ያሳስታል

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 1995 በብሪታንያ የመድኃኒቶችን ደኅንነት የሚከታተለው ኮሚቴ ለሐኪሞችና ለፋርማሲ ባለሙያዎች አስቸኳይ ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው ዴሶጀስትሬል ወይም ጀስቶዲን የተባሉ ሆርሞኖች ያሉባቸው አዳዲስ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኖች ከቀደሙት ክኒኖች ጋር ሲነጻጸሩ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን በእጥፍ ያህል እንደሚጨምሩ ያስጠነቅቅ ነበር። በእጥፍ ጨመረ ማለት በ100 ፐርሰንት ጨመረ ማለት ነው። ወሬው በጋዜጣና በቴሌቪዥን ወዲያው ተዛመተ። ክኒኑን ይወስዱ ከነበሩት ሴቶች ብዙዎቹ ደንግጠው አቋረጡ። በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ያልታሰበ እርግዝና በዛ። በድንጋጤው ምክንያት 13,000 ያህል ተጨማሪ የፅንስ ማቋረጥ እንደተፈጸመ በኋላ ተገምቷል።

የኮሚቴው ቁጥር ሐሰት አልነበረም። ችግሩ ሰው ጆሮ የደረሰው የቁጥሩ ግማሽ ብቻ መሆኑ ነው። የቀደሙትን ክኒኖች ከሚወስዱ 100,000 ሴቶች መካከል በዓመት 15 ያህሉ የደም መርጋት ይገጥማቸው ነበር። አዲሶቹን ከሚወስዱት 100,000 ሴቶች ደግሞ 30 ያህሉ። ከ15 ወደ 30 ሲኬድ ጭማሪው በእርግጥም 100 ፐርሰንት ነው። ነገር ግን በሁለቱም ወገን ከ99,900 በላይ የሚሆኑት ሴቶች ምንም አልሆኑም። በሌላ አነጋገር፣ ከ7,000 ሴቶች አንዷን ያገኝ የነበረው ችግር ሁለቱን ማግኘት ጀመረ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ሌላው ቁጥር ነው። እርግዝና ራሱ ደም ያረጋል። በዚያው ዘመን በነበረው ስሌት ከ100,000 ነፍሰ ጡሮች 60 ያህሉ የደም መርጋት ይገጥማቸው ነበር። ስለዚህ «100 ፐርሰንት» የሚለውን ሰምታ ክኒኗን የጣለችና ሳታስበው ያረገዘች ሴት ከሸሸችው አደጋ እጥፍ ወደሚሆን አደጋ ገባች ማለት ነው። «ከ100,000 ሴቶች መካከል 15 የነበሩት 30 ሆነዋል፤ በእርግዝና ጊዜ ግን 60 ናቸው» ተብሎ ቢነገራት ውሳኔዋ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

መቶኛ እንዲህ ሰውን የሚያሳስትበት ምክንያት በአሠራሩ ውስጥ ነው ያለው። ስሌቱን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ከአዲሱ ቁጥር አሮጌው ይቀነሳል፤ ልዩነቱ ለአሮጌው ይካፈላል፤ የተገኘው በ100 ይባዛል። በዚህ ሂደት ውስጥ አሮጌው ቁጥር፣ ማለትም መነሻው፣ ሁለት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ከየት እንደተነሣን ይናገራል። ቀጥሎ ደግሞ ለውጡ የሚሰፈርበት መለኪያ ይሆናል። ገበያ ላይ እህል በጣሳ ሲሰፈር እንደምናየው ነው፤ ጣሳው ባነሰ ቁጥር ያው እህል ብዙ ጣሳ ይሆናል። እህሉ አልጨመረም፤ ያነሰው መስፈሪያው ነው። መቶኛ ለውጥም መነሻውን ጣሳ አድርጎ ለውጡን የሚሰፍር ቁጥር ስለሆነ፣ መነሻው በጣም ትንሽ ሲሆን ተራ ለውጥ እንኳ በመቶዎችና በሺዎች ፐርሰንት ይቆጠራል።

ይህ በተለይ ጎልቶ የሚታየው በትርፍ ላይ ነው። ትርፍ ራሱን ችሎ የሚለካ ነገር አይደለም፤ ከሽያጭ ላይ ወጪ ሲቀነስ የሚተርፍ ልዩነት ነው። ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች እርስ በርስ ሲጠፋፉ የሚቀረው ትንሽ ሊሆን ይችላል። አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር እናስብ። አምና 10,000,000 ብር ሸጠ፤ ወጪው 9,950,000 ብር ነበር፤ ስለዚህ 50,000 ብር አተረፈ። ዘንድሮ 10,450,000 ብር ሸጠ፤ ወጪው 10,000,000 ብር ሆነ፤ ትርፉም 450,000 ብር። ሽያጩ ያደገው በ4.5 ፐርሰንት ነው፤ ወጪው የጨመረው በግማሽ ፐርሰንት ነው። ትርፉ ግን በ800 ፐርሰንት አደገ። ሪፖርት የሚጽፈው ሰው የቱን ቁጥር በርዕሱ ላይ እንደሚያወጣ መገመት አያስቸግርም።

800 ፐርሰንቱ በሂሳብ ትክክል ነው። ሆኖም ስለዘንድሮው ሥራ ከሚነግረን ይልቅ አምና ትርፉ ምን ያህል ቀጭን እንደነበር ይነግረናል። ይህን ለማየት የዘንድሮውን ቁጥር ሁሉ ሳንነካ የአምናውን ወጪ ብቻ ትንሽ እንቀይረው። አምና አንድ ተጨማሪ የጥገና ወጪ፣ 40,000 ብር የሚሆን፣ ተመዝግቦ ነበር እንበል። ከ10,000,000 ብር ሽያጭ አንጻር ይህ ግማሽ ፐርሰንት እንኳ አይሞላም። የአምናው ትርፍ ግን ከ50,000 ወደ 10,000 ብር ይወርዳል። ያው የዘንድሮ 450,000 ብር አሁን የ4,400 ፐርሰንት እድገት ሆኖ ይታያል። መደብሩ ዘንድሮ አንዲት ብር ተጨማሪ አላተረፈም፤ ዕድገቱ ግን ከአምስት እጥፍ በላይ ዘለለ።

አንድ መነሻ ለመቶኛ ስሌት የሚበቃ መሆን አለመሆኑን ማወቂያው መንገድ ይኸው ነው። መነሻውን በመጠኑ ማንቀሳቀስ፣ ለምሳሌ በምዝገባ ስህተት ወይም አንድ ደረሰኝ ከአንድ ዓመት ወደሌላው በመዛወሩ ሊለወጥ በሚችለው ያህል፣ ከዚያም መቶኛውን እንደገና ማስላት ነው። መልሱ ጥቂት ነጥብ ብቻ ከፍና ዝቅ ካለ መነሻው ጽኑ ነው። ከ800 ወደ 4,400 ከዘለለ ግን መቶኛውን ማመን አይቻልም።

የሰዎች ወይም የክስተቶች ቆጠራ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። አንድ ከተማ ውስጥ በዓመት በአማካይ አራት ያህል ከባድ የመንገድ አደጋ ይደርሳል እንበል። እርስ በርስ የማይገናኙ ክስተቶች ያለ ምንም ምክንያት፣ በዕድል ብቻ፣ ከአማካያቸው የሚዋዥቁት የአማካዩን ስኩዌር ሩት በሚያህል መጠን ነው። የአራት ስኩዌር ሩት ሁለት ነው። ስለዚህ መንገዱ፣ መኪናውና አሽከርካሪው ምንም ሳይለወጡ አንዱ ዓመት ሁለት፣ ሌላው ስድስት አደጋ ሊያሳይ ይችላል። ከሁለት ወደ ስድስት 200 ፐርሰንት ነው። በአማካይ 400 አደጋ በሚደርስበት ትልቅ ከተማ ግን የ400 ስኩዌር ሩት 20 ስለሆነ፣ የዕድል ውዥቀቱ አምስት ፐርሰንት ገደማ ብቻ ነው። በትንሿ ከተማ ውስጥ የታየው 200 ፐርሰንት ስለዚህ ማንንም ለመውቀስም ሆነ ለማመስገን ማስረጃ አይሆንም።

ወደ መደብራችን እንመለስና የአምናውን ወጪ አሁንም ትንሽ እንጨምረው። ወጪው በትክክል 10,000,000 ብር ቢሆን የአምናው ትርፍ ዜሮ ይሆናል። ዘንድሮ ትርፉ ከዜሮ ወደ 450,000 ብር አደገ። በስንት ፐርሰንት? መልስ የለውም። በዜሮ ማካፈል አይቻልምና። ኤክሴል ላይ ይህን ያሰላ ሰው #DIV/0! የሚል ጽሑፍ ያያል፤ ይህም ፕሮግራሙ «በዜሮ አካፍል አልከኝ» ማለቱ ነው።

ሪፖርት አዘጋጆች ይህን ጽሑፍ ሰንጠረዥ ውስጥ ማየት ስለማይወዱ ብዙ ጊዜ በቦታው 100 ፐርሰንት ይጽፉበታል። «አምና አልነበረም፣ ዘንድሮ ሙሉ በሙሉ ተገኘ» የሚል ስሜት ስለሚሰጥ ተገቢ ይመስላል። ነገር ግን 100 ፐርሰንት አደገ ማለት እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ የዜሮ እጥፍ ደግሞ ዜሮ ነው። ከዚያም በላይ ይህ አጻጻፍ አምና አንድም ያልነበረውን ዘንድሮ 40 ሰው ያሠለጠነ ቢሮና ዘንድሮ 4,000 ሰው ያሠለጠነ ቢሮ እኩል «100 ፐርሰንት» አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ሌሎች ደግሞ ዜሮውን በ1 ተክተው ያሰላሉ። ያኔ 40ው የ3,900 ፐርሰንት እድገት ይሆናል። መነሻው በ1 ፋንታ በ0.1 ቢተካ ደግሞ 39,900 ፐርሰንት። ቁጥሩን የሚወስነው ሥራው መሆኑ ይቀርና ጸሐፊው በዜሮ ቦታ የመረጠው ምትክ ይሆናል። ከዜሮ የተነሣ ነገር የሚነገረው በራሱ ቁጥር ነው፦ አምና ማንም፣ ዘንድሮ 40 ሰው።

አሁን የመጨረሻውን እርምጃ እንሂድ። የአምናው ወጪ 10,010,000 ብር ነበር፤ መደብሩም 10,000 ብር ከሰረ። ዘንድሮ 450,000 ብር አተረፈ። በስሌቱ መሠረት ልዩነቱ 460,000 ብር ነው፤ ለመነሻው፣ ማለትም ለ−10,000፣ ሲካፈል −46 ይመጣል። በ100 ሲባዛ −4,600 ፐርሰንት። ከኪሳራ ወጥቶ ያተረፈ መደብር በ4,600 ፐርሰንት አሽቆለቆለ የሚል ውጤት አገኘን። 20,000 ብር የአምና ወጪ ብቻ መቶኛውን ከ4,400 ሽቅብ ወደ 4,600 ቁልቁል ገለበጠው። ቁልቁል የሚያስመስለው የመነሻው የመቀነስ ምልክት ነው፤ በአሉታዊ ቁጥር ስናካፍል ጭማሪው ቅናሽ፣ ቅናሹም ጭማሪ ሆኖ ይወጣል።

ይህ የመማሪያ መጽሐፍ ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም የነዳጅ ገበያ ላይ የሆነውን ማየት ይበቃዋል። በአሜሪካ የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ የሚለካው ዌስት ቴክሳስ በሚባለው የነዳጅ ዓይነት ላይ በሚደረግ የወደፊት ግብይት ውል ነው። አንድ ውል 1,000 በርሜል ማለት ነው። ውሉ የሚያልቅበት ቀን ሲደርስ በእጁ የያዘው ሰው ነዳጁን ኩሺንግ በምትባል የኦክላሆማ ከተማ ባሉት ታንከሮች መረከብ አለበት። የሜይ ወር ውል የሚያበቃው ኤፕሪል 21 ነበር። በዚያ ሰሞን በኮሮና ምክንያት አውሮፕላኖች ቆመዋል፤ መኪኖች ከቤት አልወጡም፤ የነዳጅ ፍላጎት ወድቋል። የኩሺንግ ማከማቻዎች የቀራቸው ባዶ ቦታ ቢኖርም አስቀድሞ በሌሎች የተያዘ ነበር። ነዳጅ የማስቀመጫ ቦታ የሌላቸው ነጋዴዎች ውሉን ከእጃቸው ለማውጣት ገዢ አጡ።

ዓርብ ኤፕሪል 17 አንድ በርሜል በ18.27 ዶላር ዘግቶ ነበር። ሰኞ ኤፕሪል 20 ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ውሎ፣ መዝጊያው ሰዓት ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሲቀረው ዜሮን አልፎ ወረደ። በመጨረሻ በ−37.63 ዶላር ዘጋ። ዋጋው አሉታዊ ሆነ ማለት ሻጩ ነዳጁን ለሚወስድለት ሰው በበርሜል 37.63 ዶላር ከኪሱ ይጨምራል ማለት ነው። በታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ነበር። ዜና ማሰራጫዎችም ዋጋው «በ306 ፐርሰንት ወደቀ» ብለው ጻፉ።

ይህ 306 ፐርሰንት እንግዳ ቢመስልም ትርጉም አለው። ዓርብ ዕለት አንድ ውል በ18,270 ዶላር የገዛ ሰው ሰኞ ማታ በውሉ 55,900 ዶላር ከስሯል። ያወጣውን ገንዘብ በሙሉ አጥቶ፣ በላዩ ከዚያ እጥፍ በላይ ዕዳ ገባ። መነሻው አዎንታዊ ስለነበረ መለኪያው ሥራውን ሠርቷል። መድረሻው ከዜሮ በታች መሆኑ በራሱ ስሌቱን አያበላሸውም።

የተበላሸው በማግስቱ ነው። ማክሰኞ ኤፕሪል 21 ያው ውል በ10.01 ዶላር ዘጋ። ዋጋው በአንድ ቀን በ47.64 ዶላር ጨመረ። ይህን ለመነሻው ለ−37.63 ስናካፍለው −127 ፐርሰንት ገደማ ይሆናል። ሰኞ በገዢ ማጣት የተንኮታኮተው ዋጋ ማክሰኞ ሲያገግም፣ ሰንጠረዡ ላይ ግን ሌላ ትልቅ ውድቀት ሆኖ ይመዘገባል። የሁለቱን ቀን መቶኛዎች ብቻ የሚያይ ሰው −306 እና −127 ያነባል፤ ከሁለቱ ቀናት በአንዱ ዋጋው ሽቅብ እንደወጣ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ኮምፒዩተሩ የዓመቱን መልካም ቀናት ከመጥፎዎቹ ለይቶ በመቶኛ ቅደም ተከተል እንዲደረድር ቢታዘዝ፣ ማክሰኞን ከመጥፎዎቹ ግርጌ ያስቀምጠዋል።

መፍትሔው ከዜሮ የራቀ መነሻ መፈለግ ነበር። ከዓርብ መዝጊያ እስከ ማክሰኞ መዝጊያ ዋጋው ከ18.27 ወደ 10.01 ዶላር ወረደ፤ ይህም 45 ፐርሰንት ቅናሽ ነው። ይህ ቁጥር ለማንም ግልጽ ነው። በመካከል የሆነውን ማዕበል ለመንገር ደግሞ ዶላሩ ራሱ ይበቃል፦ ሰኞ በ55.90 ዶላር ወደቀ፣ ማክሰኞ በ47.64 ዶላር ተነሣ።

አንዳንድ ባለሙያዎች የመቀነስ ምልክቱን ችግር የሚያልፉበት ዘዴ አላቸው። ልዩነቱን የሚያካፍሉት ምልክቱ ለተነሣለት መነሻ ነው። ያኔ የማክሰኞው ለውጥ +127 ፐርሰንት ይሆናል፤ የመደብራችንም +4,600 ፐርሰንት። አቅጣጫው ተስተካከለ። መጠኑ ግን አሁንም አይታመንም። አምና 10,000 ብር ከስሮ ዘንድሮ 450,000 ብር ያተረፈው መደብር +4,600 ፐርሰንት አገኘ። አምና 200,000 ብር ከስሮ ዘንድሮ ያንኑ 450,000 ብር ያተረፈ ሌላ መደብር ብናሰላስ? እሱ ያሻሻለው 650,000 ብር ነው፤ በዚህ ዘዴ ግን የሚያገኘው +325 ፐርሰንት ብቻ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የነበረውና ረጅሙን መንገድ የወጣው መደብር ትንሹን ቁጥር ተሸለመ። ምልክቱን ማንሣት ውጤቱን ለዓይን ያሳምረዋል እንጂ ሁለት ድርጅቶችን ለማወዳደር አያበቃውም። ለዚህ ነው ብዙ የፋይናንስ ሪፖርቶች ከኪሳራ የተነሣ ለውጥ ሲገጥማቸው በመቶኛው ዓምድ ላይ «ትርጉም የለውም» ብለው የሚያልፉት።

የ2020ው የነዳጅ ገበያ ሌላም ነገር ያሳያል፤ ከውድቀት በኋላ የሚመጣ ትልቅ መቶኛ ምን ያህል እንደሚያታልል። በ2019 የመጨረሻ ቀን በርሜሉ በ61.06 ዶላር ዘግቶ ነበር። በኤፕሪል 2020 መጨረሻ 18.84 ዶላር ነበር፤ የ69 ፐርሰንት ቅናሽ። በሜይ መጨረሻ 35.49 ዶላር ደረሰ። ይህ በአንድ ወር የ88 ፐርሰንት ጭማሪ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ታይቶ የማይታወቅ ወርሃዊ እድገት ተብሎ ተዘገበ። 69 ወርዶ 88 የወጣ ነገር ከነበረበት በላይ የደረሰ ይመስላል። ግን 35.49 ዶላር ከ61.06 ዶላር በ42 ፐርሰንት ያነሰ ነው። መውረዱ የተለካው በትልቁ መነሻ፣ መውጣቱ ደግሞ በትንሹ መነሻ ስለሆነ ሁለቱ መቶኛዎች ሊደመሩም ሊወዳደሩም አይችሉም። ከድርቅ በኋላ የሚመጣ የምርት እድገትም፣ ከመዘጋት በኋላ የሚከፈት ፋብሪካም ሲዘገብ ይህ ጥያቄ አብሮ መነሣት አለበት፦ ከመውደቁ በፊት ከነበረበት ጋር ሲነጻጸር የት ደረሰ?

ይህ ሁሉ ሲባል ከትንሽ የተነሣ መቶኛ ሁልጊዜ ይጣል ማለት አይደለም። ለውጡ በመባዛት የሚሄድ ሲሆን መቶኛው ዋናው መልእክት ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተመዘገበው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፤ ከሁለት ቀን በኋላ ቁጥሩ አራት ሆነ። የ300 ፐርሰንት ጭማሪ። ለብቻው ሲታይ፣ ከአንድ ሰው የተነሣ ስለሆነ ስለ ወረርሽኙ ፍጥነት ምንም አይናገርም። አንድ ሰው ቢጨመር ወይም ቢቀነስ መቶኛው በ100 ነጥብ ይዋዥቃል። ነገር ግን በሽታው ከሰው ወደ ሰው እየተባዛ እንደሚሄድ ስለሚታወቅ፣ ያው እጥፋት በየሳምንቱ ከተደጋገመ ትንሿ ቁጥር በፍጥነት ትልቅ ትሆናለች። ስለዚህ ሐኪሞቹ የሚያዩት የአንድ ቀን መቶኛን ሳይሆን ብዙ ቀናት ተከታትሎ የሚመጣ ተመሳሳይ መቶኛን ነው። የመደብሩ ትርፍ ግን ትርፍን አይወልድም፤ ዘንድሮ 800 ፐርሰንት ማደጉ ለከርሞ 800 ፐርሰንት ሊያድግ ነው ለማለት ምንም ምክንያት የለም።

እንግዲህ ሪፖርት የሚጽፍም ሆነ የሚያነብ ሰው ምን ያድርግ? የመጀመሪያው ነገር ሁለቱን ቁጥሮች ከነመለኪያቸው ማስቀመጥ ነው፤ «ትርፍ ከ50,000 ብር ወደ 450,000 ብር»። አንባቢው መቶኛውን ከፈለገ ራሱ ያሰላዋል፤ ከመቶኛው ተነሥቶ ሁለቱን ቁጥሮች መልሶ ማግኘት ግን አይችልም። ሁለተኛው፣ መነሻው ቀጭን ልዩነት ከሆነ ከኋላው ያለውን ትልቅ ቁጥር መለኪያ ማድረግ ነው። የመደብሩ ትርፍ አምና ከሽያጩ ግማሽ ፐርሰንት ነበር፤ ዘንድሮ 4.3 ፐርሰንት ሆነ። ይህ አገላለጽ በዜሮ አያካፍልም፤ ምክንያቱም ሽያጩ ዜሮም ከዜሮ በታችም አይደለም። 10,000 ብር ኪሳራ እንኳ በዚህ መንገድ ሲነገር −0.1 ፐርሰንት ይሆናል፤ ከዚያ ወደ 4.3 መድረሱም ያለ ምንም መገለባበጥ ይነበባል። በጤና ጉዳይ ደግሞ መለኪያው የሰዎቹ ብዛት ነው፤ ከ100,000 ሰው ስንቱ ነበር፣ አሁን ስንቱ ሆነ።

ሦስተኛው ኤክሴልን የሚመለከት ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለው የመቶኛ ዓምድ የሚሠራው በዚህ ቀመር ነው፤ A2 የአምናው፣ B2 የዘንድሮው ቁጥር ነው፦

```
=(B2-A2)/A2
```

መነሻው ዜሮ ሲሆን ይህ ቀመር ስህተቱን በግልጽ ያሳያል፤ ያ መልካም ነው። መነሻው አሉታዊ ሲሆን ግን ምንም ሳያስጠነቅቅ የተገለበጠ መልስ ይሰጣል፤ አደገኛውም እሱ ነው። እንዲህ ቢጻፍ ሁለቱም ይያዛሉ፦

```
=IF(A2>0,(B2-A2)/A2,"መቶኛ አይሰላም")
```

ይህም ቢሆን ከዜሮ በጥቂቱ ብቻ የሚበልጡ መነሻዎችን አይለይም። የ10,000 ብሩን ትርፍ በሰላም አሳልፎ 4,400 ፐርሰንት ይጽፋል። ያን የሚይዘው መነሻውን ትንሽ አንቀሳቅሶ መቶኛውን እንደገና የሚያሰላ ሰው ነው። አንድ አዲስ ሪፖርት ከመታተሙ በፊት በመቶኛው ዓምድ ላይ ከ200 በላይ የሆኑትን ቁጥሮች ሁሉ ለይቶ፣ የእያንዳንዳቸውን መነሻ ማየትና በዓምዱ ቦታ «ከኪሳራ ወደ ትርፍ»፣ «አምና አልነበረም» ወይም «ከ2 ወደ 6» ብሎ በቃል መጻፍ የአንድ ሰዓት ሥራ አይሆንም። ያን ሪፖርት ይዞ በጀት የሚመድበው ወይም ብድር የሚፈቅደው ሰው ግን ውሳኔው የሚያርፍበትን እውነተኛ መጠን ያገኛል።